ሰባተኛው ረድፍ ላይ ያለው ብዥታ

የኮሌጁ ጸሐፊ የምትሠራው ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና ሁለት ወንበር አላት። አንደኛው ወንበር የእንግዳ ነው። እንግዳ ስለማይመጣ ጸሐፊዋ ጠዋት ስትገባ ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች፤ ባዶውን ሲያያት እንዳይውል። መስኮቱ ሣር ሜዳውን ያሳያል፤ ሣር ሜዳው መሀል ደግሞ አንድ ዝገት የጀመረው የብርማ ጣሳ በእንጨት ላይ ቆሟል። የዝናብ መለኪያ ነው። ዛሬ ማንም አይለካበትም።

ድሮ ሥራዋ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ሁሉም በየኮምፒውተሩ የየራሱን መጻፍ ሲጀምር፣ "ቤት ትዋል" ከማለት ይልቅ ሌላ ሥራ ሰጧት፦ የተቀረጹ ትምህርቶችን እየሰማች፣ ሩቅ ሆነው ለሚማሩ ተማሪዎች በጽሑፍ መገልበጥ። አምስት ዓመት ሆናት። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ የሰው ድምፅ ትሰማለች፤ ከሰው ጋር ግን አትነጋገርም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጥበቃው ሰውዬ "እንዴት ዋልሽ" ሲላት፣ ለመመለስ መጀመሪያ ጉሮሮዋን መጥረግ ያስፈልጋታል። ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልወጣትማ።

ከሁሉም ድምፅ የምትወደው የአባ ጠብታን ነበር። ስሙን ተማሪዎች ናቸው ያወጡላቸው፤ ስለ ውኃ የሚያስተምሩ ረጅም፣ ቀጭን መምህር ነበሩ። ያንን ጣሳ ሣር ሜዳው ላይ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የጣሳውን ውኃ ምልክት ባለው ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ እየገለበጡ ለክተው በደብተር ይጽፉ ነበር። ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ደብተሮቹ ያሉበት መጋዘን ጣሪያው አፍስሶ ወረቀቱ ሁሉ ሻጋታ ሆነ። የመጋዘኑ ሠራተኛ በአካፋ ሲያወጣው "ዝናቡ የራሱን ታሪክ በላው" ብሎ ቀለደ። ጸሐፊዋ አልሳቀችም።

ሰኞ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። የገባው ወጣቱ መሐንዲስ ነው፤ ኮሌጁ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ የሚያጠራቅም ታንከር ሊሠራ ነውና የታንከሩን ስፋት የሚያሰላው እሱ ነው። በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። ቦርሳዋን ከወንበሩ ልታነሳለት ስትል "ይተዉት እትዬ፣ ቆሜ ይሻለኛል" አላት።

"ምን ልታዘዝ ልጄ?"

"የአባ ጠብታ የዝናብ ሠንጠረዥ ለሥራዬ ያስፈልገኛል። የቀረው አንድ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው አሉኝ፤ አንድ ተማሪ ከክፍሉ ኋላ ሆኖ በስልክ የቀረጸው። ሠንጠረዡ የሚታይበት ቦታ ላይ አቁሜ ፎቶ አነሳሁት። ጽሑፍ ለሚያነብ ፕሮግራም ሰጠሁት። ይኸው፣ በአንድ ደቂቃ ጨረሰው። እርስዎ የሚቀርዎት በንጹሕ መተየብ ነው።"

ወረቀቱን ተቀበለችው። ዐሥራ ሁለት ረድፍ፣ ቪዲዮው እስከተቀረጸበት እስከ ዛሬ አምስት ዓመት ድረስ፣ ለየዓመቱ አንድ። በየረድፉ አራት የዝናብ ወራት፣ መጨረሻ ላይ ድምር። ስድሳውም ሳጥን ሞልቷል፤ አንድም ጥርጣሬ የለበትም። ጸሐፊዋን ያስጨነቃት እሱ ነው። ቪዲዮውን ታውቀዋለች። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ጽሑፍ ጉንዳን እንደሄደበት ዱቄት ነው።

"አንብቦት ነው ወይስ ገምቶት?" አለችው።

"ያው አይደል እንዴ?"

"ሦስተኛውን ረድፍ ደምረው እስቲ።"

ስልኩን አውጥቶ ደመረ። ፊቱን ቅጭም አደረገ። "ስድስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይመጣል። እዚህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ ነው የሚለው።"

"አየህ። መጀመሪያው ላይ መቶ ሰማንያ አንድ ብሎ ጽፏል። እሳቸው ግን በቃላቸው 'መቶ ሠላሳ አንድ' ሲሉ ይሰማል። ሦስት ሲደበዝዝ ስምንት ይመስላል።"

"እሺ፣ እትዬ፤ ያርሙታ። ሐሙስ ከምሳ በፊት ላስረክብ ነው። ግን ሌላው ደህና ነው፤ ይዩት፣ ሰባተኛው እንኳ ልክክ ብሎ ይደመራል።" ሰዓቱን አየና ወጣ።

ሰባተኛው። ጸሐፊዋ ዓይኗ እዚያ ላይ ቀረ። 112፣ 248፣ 230፣ 97፤ ድምር 687። ሦስተኛው ወር፣ ሁለት መቶ ሠላሳ። ያንን ወር የለኩት አባ ጠብታ አልነበሩም።

እሳቸው ያን ጊዜ ለአንድ ወር ሥልጠና ሄደው ነበር። ሲሄዱ ብርጭቆውንና ደብተሩን ይዘው እዚህችው ክፍል መጡ። "ከአንቺ ሌላ በሰዓቱ የሚገኝ ሰው አላውቅም" አሏት። እሷም ደስ ብሏት ተቀበለች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ማንም አደራ ሰጥቷት አያውቅም። በወሩ ሁለተኛ ቀን ስልክ ተደወለ። ሌላ ከተማ የምትኖረው አንድያ ልጇ ያለ ጊዜዋ ምጥ ይዟታል። ጸሐፊዋ ያደረገችውን ነጠላ እንኳ ሳትቀይር አውቶቡስ ተሳፈረች። መለኪያው ትዝ ያላት ከሳምንት በኋላ ነው፤ የልጅ ልጇ ማሞቂያ ውስጥ ሆና፣ ልጇ ሳትነሳ። ለማን ትደውል?

ስትመለስ ወሩ አልቋል፤ አባ ጠብታ በማግሥቱ ይገባሉ። ጣሳው እስከ አፉ ሞልቶ ፈስሷል፤ ውስጡ ቅጠል ይንሳፈፋል። ምን ያህል እንደፈሰሰ የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ የወሩን ቀናት በሙሉ ከልቧ እያወጣች ሞላቻቸው። ለአንዱ ቀን ስምንት፣ ለአንዱ ዜሮ፣ ለአንዱ ዐሥራ አራት። አባ ጠብታ ደብተሩን ተቀብለው ገጹን አዩት። "ልጅሽ ተረፈች?" አሏት። "ተርፋለች ጋሼ።" "ተመስገን" ብለው ሄዱ። ስለ ዝናቡ ምንም አላሉም። እሷም ዐሥር ዓመት ሙሉ ምንም አላለችም። ድምሩ ስንት እንደመጣ እንኳ ዛሬ አታስታውሰውም። ሁለት መቶ ሠላሳ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

አሁን የእሷ ውሸት ከሰውየው የዐሥራ ሁለት ዓመት እውነት ጋር ተቀላቅሎ ታንከር ሊሠራበት ነው።

ማክሰኞ በጠዋት ቪዲዮውን ከፈተችው። አባ ጠብታ ሠንጠረዡ በፕሮጀክተር ከሚታይበት ሸራ ጎን ቆመዋል፤ ድምፃቸው ስልኩ ውስጥ ገብቶ እንደ ጉድጓድ ያስተጋባል። ትልቅ አድርጎ ማየት እንደማይጠቅም ታውቃለች፤ የደበዘዘ ነገር ሲተልቅ ብዥታው ነው የሚተልቀው። መጀመሪያ የተሻለ ጥራት ያለው ቅጂ ካለ ፈለገች። የለም። የቀረጸውን ተማሪም በመዝገብ ፈልጋ ደወለችለት፤ ያ ስልክ ከጠፋበት ቆይቷል። ስለዚህ የራሷን መንገድ ያዘች።

በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ልብ ብላለች። ምስሉ ሁልጊዜ እኩል አይደበዝዝም። ገጹ ሲቀየር መጀመሪያ የተሰባበረ ሸክላ ይመስላል። ነገር ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ቀስ እያለ ይጠራል። ሰው በፊቱ ሲያልፍ ደግሞ እንደገና ይሰባበራል። ስለዚህ ማቆም ያለባት አባ ጠብታ መራመድ ሊጀምሩ ትንሽ ሲቀራቸው ነው። መሐንዲሱ ያቆመው ልክ ካለፉ በኋላ ነበር። አንድ በአንድ እየገፋች፣ ጥሩ ጥሩዎቹን ምስሎች ከነመጠናቸው አውጥታ አስቀመጠች፤ ስምንት ሆኑ።

ከዚያ የኮምፒውተር ጥገናውን ሰውዬ ጠራችው። ቅጥነቱን አይተው "ሽቦ" ይሉታል።

"እነዚህን ስምንቱን አንዱን ባንዱ ላይ አነባብርልኝ" አለችው። "በስስ በስሱ። ሁለተኛው ግማሹ ይታይ፣ ሦስተኛው ሲሶው፣ አራተኛው ሩቡ፣ እንደዚያ እያልክ።"

"ለምንድነው ግን?"

"ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ነው የቀረጸው፤ ስላልተንቀሳቀሰ ፊደሉ በሁሉም ላይ አንድ ቦታ ነው። የሚጨፍረው ቆሻሻው ነው። ሲነባበሩ ጭፈራው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የማይንቀሳቀሰው ይቀራል።"

ሽቦ ሣቀ። "እትዬ፣ እኔን አባረው ወንበሬን ቢወስዱት ይሻላል።"

"ወንበር አለኝ" አለችው፤ ቦርሳዋ ወደተቀመጠበት እያየች።

ሽቦ ጨርሶ ሲሄድ ምስሉ እውነትም ጠርቷል፤ ግን ዳቦ ሆኖ አልወጣም፤ ሊጥ ነው። አምሳ ስምንቱን ሳጥን እስከ ረቡዕ ረፋድ አነበበችው። አባ ጠብታ በቃላቸው ያነበቧቸውን በጆሮዋ፣ ያላነበቧቸውን ጥርት ካለው ቁጥር ጋር እያስተያየች፣ ረድፉን እየደመረች። የፕሮግራሙን ሰባት ስሕተት አወጣች። የቀሩት ሁለቱ የሰባተኛው ረድፍ ናቸው፦ ሦስተኛው ወርና ድምሩ። አባ ጠብታ ሰባተኛውን በቃል አላነበቡትም። እጃቸውን ወደ ረድፉ አንሥተው ትንሽ ቆዩና ወደ ስምንተኛው አለፉ።

እዚህ ላይ መደመር አልረዳትም። ድምሩ 687 ከሆነ ሳጥኑ 230 ነው። ድምሩ 457 ከሆነ ግን ሳጥኑ ባዶ ነው፤ 112፣ 248 እና 97 ብቻቸውን 457 ይመጣሉና። ሁለቱም ልክክ ይላሉ። አራት ሲደበዝዝ ስድስት ይሆናል፤ አምስትም ስምንት ይሆናል።

ነገሩ አልዋጥ ስላላት ረቡዕ ምሳዋን ሳትበላ ስልክ አነሣች። ዓመቱን ከሆዷ ሳይሆን ከሌላ ሰው መስማት ፈለገች።

"እማዬ? ደህና ነሽ? ሥራ ላይ ነኝ።"

"ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ልጅሽ የተወለደች ዕለት ስንተኛው የዝናብ ወር ነበር?"

"ምን?"

"ዝናቡ ገብቶ ስንተኛ ወሩ ነበር?"

"ሦስተኛው መሰለኝ። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶብሽ ቆይተሽ አልነበር የመጣሽው? ምን ሆነሽ ነው?"

"ሥራ ነው። እሷስ?"

"ትምህርት ቤት ናት። ዐሥር ዓመቷን ደፈነች እኮ። ማታ እደውልልሻለሁ፣ እሺ? ሰው እየጠበቀኝ ነው።"

"እሺ እናቴ። ደውይ።" ልጅቱ ማታ እንደማትደውል ታውቃለች። አልተቀየመችም።

ዐሥር ዓመት ከዛሬ ወደኋላ ስትቆጥር ልክ ሰባተኛው ረድፍ ላይ አረፈች። ሳጥኑ የእሷ ነው።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። የደበዘዘውን ማጥራት ካልቻለች፣ ያልደበዘዘውን ለምን አታደበዝዘውም? በዚያው የፊደል ዓይነት 457 ብላ ጻፈች፤ አጠገቡ 687 ብላ ጻፈች። ሁለቱንም ቪዲዮው ላይ ያለውን ያህል እስኪሆኑ አሳነሰቻቸው፤ ከዚያ መልሳ አተለቀቻቸው። ሁለቱም ተጨማለቁ፤ ግን የየራሳቸው ጭምልቅ አላቸው። የ687 ሁለት መጀመሪያ ቁጥሮች ሆዳቸው ሞልቶ ጠቆረ። የ457 አራት ከግርጌ ቀጠነ፣ አምስቱ በግራ ጎኑ ብርሃን አስገባ። ከአባ ጠብታ ድምር ጎን አስቀመጠቻቸው። ግርጌው ቀጭን ነው። ብርሃንም አለ።

230 ብላ ጽፋ አደበዘዘች፤ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች የሚሞላ ግራጫ ሆነ። ሰረዝ ጻፈችና አደበዘዘች፤ መሀል ላይ ብቻ የተኛ ስስ ጥላ ሆነ፤ ከላይም ከታችም ንጹሕ። የአባ ጠብታ ሳጥን ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማየት መነጽር እንኳ አላስፈለጋትም።

ሰረዝ ነው።

ፕሮግራሙ በዚያ ዓምድ ውስጥ ሁሉም ቁጥር ስለሆነ፣ ይህም ቁጥር መሆን አለበት ብሎ ሞላው። እሷም ድሮ እንደዚያው ነበር ያደረገችው።

እንዴት አወቁ? ደብተሩን ተቀብለው ገጹን ሲያዩት ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። የእሳቸው ገጾች ሁሉ የተኮማተሩ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ እጅ ስለሚጽፉ ወረቀቱ እዚህም እዚያም ጠብታ ጠጥቶ ደርቋል፤ ቀለሙም አንድ ቀን ሰማያዊ አንድ ቀን ጥቁር ነው። የእሷ ገጽ ግን ልስልስ ያለ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ መቀመጫ የተጻፈ። ዝናብ የዘነበበት ወር አንዲት ጠብታ እንኳ አልነካውም። አንድ ጊዜ ነው ያዩት። ከዚያ ስለ ልጇ ጠየቋት።

ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ስምንት ዓመት አብረው ሠሩ። በየኮሪደሩ ተላለፉ፣ ሰላም ተባባሉ። አንድም ቀን አላነሱባትም። ደግሞም ከዚያ ወዲህ ብርጭቆውን አንድም ቀን አደራ አልሰጧትም። ያን ጊዜ ሌላ ጉዞ ስላልነበራቸው መስሏት ነበር። አሁን የትኛው እንደሆነ የሚነግራት የለም።

ሐሙስ መሐንዲሱ ረፋዱ ላይ መጣ። ወረቀቱን እያየ ጣቱን ሰባተኛው ረድፍ ላይ አቆመ።

"እትዬ፣ እዚህ ሰረዝ ነው ያደረጉት።"

"እሳቸው ናቸው ያደረጉት። እኔ ገለበጥኩት።"

"ባዶ ይዤ ልቅረብ? የሌሎቹን ዓመታት አማካይ ልሙላበት።"

"በራስህ ስሌት ላይ የፈለግከውን ሙላ፣ የሞላሁት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍበት። በእሳቸው ሠንጠረዥ ውስጥ ግን አይገባም። ደግሞ ድምሩን እንዳትወስደው። አራት መቶ አምሳ ሰባት ሲል ድርቅ የነበረ ይመስልሃል፤ ድርቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ሰረዙን ዘሎ ሦስቱን ብቻ ስለደመረ ነው።"

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። "እሱስ እውነትዎን ነው። ዓመቱን ጭራሽ ባወጣው ይሻላል። ግን ለምን አልተለካም? ይጠይቁኛል።"

ጸሐፊዋ ከወንበሩ ላይ ቦርሳዋን አነሣች። "ቁጭ በል" አለችው። ተቀመጠ።

"ለኪዋ እኔ ነበርኩ። አደራ ተሰጥቶኝ ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ከልቤ ሞላሁት። እሳቸው ደግሞ ፋቁት።"

መሐንዲሱ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አላያትም። "ይሄን መጻፍ አያስፈልግም እትዬ። 'አልተለካም' ማለት ይበቃል።"

"ከግርጌው ጽፌዋለሁ።"

አነበበው። "ሰባተኛ ዓመት፣ ሦስተኛ ወር፦ በለኪዋ አለመገኘት ንባብ አልተወሰደም። ለኪዋ የኮሌጁ ጸሐፊ ናት።" ወረቀቱን አጥፎ ያዘ። በሩ ላይ ደርሶ "እግዜር ይስጥልኝ" አለና ሄደ። እርምጃው ኮሪደሩ ውስጥ እስኪጠፋ ሰማችው።

ማዳመጫዋን አደረገች። ቪዲዮውን ከሠንጠረዡ ገጽ ትንሽ ወደኋላ መለሰችው። አባ ጠብታ ለተማሪዎቹ ያስረዳሉ፦ "ዜሮና ሰረዝን እንዳታምታቱ። ዜሮ ማለት ሄጄ አየሁ፣ ዝናብ አልነበረም ማለት ነው። ሰረዝ ማለት ማንም ሄዶ አላየም።" ይህን ቃል ለቃል የገለበጠችው እሷው ናት፤ የዛሬ አምስት ዓመት፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ሳትሰማው። ከዚያ እጃቸው ወደ ሰባተኛው ረድፍ ተነሣ፣ ትንሽ ቆየ፣ አለፈ። በሸራው ፊት ሲራመዱ ምስሉ በቁርጥራጭ አራት ማዕዘን ተበታተነ።

አጠፋችው።

የእሳቸው ብርጭቆ ከሞቱ በኋላ ዕቃቸው ሲከፋፈል እሷ ዘንድ ነው የደረሰው፤ እስክሪብቶ ታስቀምጥበታለች። እስክሪብቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች፤ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችውና ወጣች። ሣሩ ደርቋል፤ ዝናብ ካቆመ ወር አልፎታል። ጣሳው ውስጥ የሸረሪት ድርና አንድ የደረቀ ቅጠል አለ። ድሩን በጣቷ ጠረገች፣ ቅጠሉን አወጣች፣ ጣሳውን አንሥታ ብርጭቆው ላይ ገለበጠችው። ምንም አልወረደም። እንደዚያም ሆኖ ብርጭቆውን ወደ ዓይኗ ከፍ አድርጋ ምልክቱን አየች።

ክፍሏ ገብታ ፕሮግራሙ ያወጣውን ወረቀት ገለበጠችው። በጀርባው ቀኑን ጻፈች። ሰዓቱን ጻፈች። ከጎኑ 0 ብላ ጻፈች።